የሚጋመስ ሉፕ በሌላ ሉፕ ውስጥ ሲገባ፦ መቼ እናባዛለን፣ መቼ እንደምራለን?

ከታች ያሉት ሁለት አጫጭር ኮዶች የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በፈተና ላይ ተከታትለው ቢመጡ ብዙ ተማሪ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቢግ ኦ ይመርጣል። መልሳቸው ግን አንድ አይደለም።

ኮድ 1፦

```cpp
for (int i = n; i > 0; i /= 2)
    for (int j = 0; j < n; j++)
        count++;
```

ኮድ 2፦

```cpp
for (int i = n; i > 0; i /= 2)
    for (int j = 0; j < i; j++)
        count++;
```

የመጀመሪያው O(n log n) ነው፤ ሁለተኛው O(n) ነው። ልዩነቱ ያለው የውስጡ ሉፕ ማቆሚያ `n` ወይስ `i` ነው በሚለው ላይ ነው።

የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ የሆኑ ታናናሾቼን በዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም አስጠናለሁ። በዚህ ርዕስ ላይ የማየው ችግር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ተራ ሉፖች አንዱ በሌላው ውስጥ ሲሆኑ O(n²) እንደሚሆን ያውቃሉ። አንድ ሉፕ ብቻውን ሲጋመስ O(log n) እንደሚሆንም ያውቃሉ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን «ሉፕ በሉፕ ውስጥ ካለ አባዛ» የሚለውን ሕግ ይዘው ይሮጣሉ። ሕጉ እውነት የሚሆንበት ሁኔታ እንዳለ ብዙ ጊዜ አልተነገራቸውም። የፈተና አውጪዎች ደግሞ ጥያቄ የሚሠሩት በዚያው ሁኔታ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ይህን አንድ ነጥብ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

መጀመሪያ ብቻውን የሚጋመሰውን ሉፕ እንይ። `i` ከ16 ተነሥቶ በየዙሩ ለሁለት ሲካፈል ዋጋው 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ይሆናል። አምስት ዙር ማለት ነው። ከዚያ 1 ለ2 ሲካፈል በሙሉ ቁጥር ክፍፍል 0 ስለሚሰጥ ሉፑ ይቆማል። 16ን አራት ጊዜ ብናጋምሰው 1 እንደርሳለን፤ አራት ደግሞ የ16 ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ነው። የዙሩ ብዛት ሁልጊዜ ከዚህ በአንድ ይበልጣል፤ ያቺ አንድ ግን በቢግ ኦ ስሌት ውስጥ ዋጋ የላትም። ቁጥሩ የሁለት ርቢ ባይሆንም ነገሩ አይለወጥም። `n` 1,000 ከሆነ 1000፣ 500፣ 250፣ 125፣ 62፣ 31፣ 15፣ 7፣ 3፣ 1 እያለ በ10 ዙር ያልቃል። አንድ ሚሊዮን ቢሆን እንኳ 20 ዙር ብቻ ነው የሚፈጀው። ከ1 ተነሥቶ በ`i *= 2` ወደ ላይ የሚወጣ ሉፕም ያንኑ መንገድ በተቃራኒው የሚጓዝ ስለሆነ እሱም O(log n) ነው። ለሁለት መካፈሉ ቀርቶ ለሦስት ቢካፈልም መልሱ ያው ነው፤ በመሠረት 2 እና በመሠረት 3 በተሰላ ሎጋሪዝም መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1.58 የሚጠጋ ቋሚ ብዜት ብቻ ነውና። በምርጫዎቹ ውስጥ የሎጋሪዝሙ መሠረት ሳይጻፍ የሚቀርበውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ኮዶች እንመለስ። `n` 16 ነው እንበልና በእያንዳንዱ የውጭ ዙር የውስጡ ሉፕ ስንት ጊዜ እንደሚሠራ በወረቀት ላይ እንጻፍ።

```
i      =  16    8    4    2    1
ኮድ 1  =  16 + 16 + 16 + 16 + 16 = 80
ኮድ 2  =  16 +  8 +  4 +  2 +  1 = 31
```

በኮድ 1 ውስጥ የውጭው ሉፕ የትኛውም ዙር ላይ ይሁን፣ የውስጡ ምንጊዜም 16 ጊዜ ይዞራል። እኩል የሆኑ ቁጥሮችን መደመር ማባዛት ስለሆነ 5 በ16 ተባዝቶ 80 ይመጣል። በጥቅሉ ሎግ n ገደማ ዙሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ዙር n ሥራ አለው፤ ስለዚህ O(n log n) ነው።

በኮድ 2 ግን የውስጡ ሥራ ከውጭው ጋር አብሮ እየቀነሰ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚባዙ እኩል ቁጥሮች የሉም፤ መደመር ግዴታ ነው። ድምሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከመጀመሪያው 16 ቀጥለው ያሉት 8፣ 4፣ 2 እና 1 በአንድ ላይ 15 ናቸው፤ የመጀመሪያውን አያህሉም። `n` 1,024 ቢሆንም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ተደምሮ 1,023 ነው። የመጀመሪያው ዙር ብቻውን ከጠቅላላው ሥራ ግማሽ በላይ ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ ድምሩ መቼም ከ2n አያልፍም፤ ቋሚዋን 2 ስንጥላት O(n) ይቀራል። ዙሮቹ ሎግ n ያህል መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ዙሮች ትንንሽ ስለሆኑ ሎጉ በድምሩ ውስጥ አይታይም።

ይህን ሳስረዳ አንዲት ጎበዝ ተማሪ አጥብቃ ጠየቀችኝ። «የውስጡ ሉፕ ቢበዛ n ጊዜ ይዞራል፤ የውጭው ሎግ n ጊዜ ይዞራል። ታዲያ O(n log n) ማለት ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?» አለችኝ።

«ስሕተት አላልሽም» አልኳት። «የተናገርሽው የላይ ጣሪያ ነው፤ ሥራው ከዚያ እንደማይበልጥ እውነት ነው። ከዚያ ዝቅ ያለ ጣሪያ ግን አለ። ጥያቄው የሚፈልገው ዝቅተኛውን ጣሪያ ነው።»

ይህ ነጥብ ከፈተናው አንጻር በጣም አስፈላጊ ነው። ቢግ ኦ በጥሬ ትርጉሙ የላይ ወሰን ነው። በትርጉሙ ብቻ ከሄድን O(n) የሆነ ኮድ ሁሉ O(n log n) እንዲሁም O(n²) ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በፈተና ግን ከተሰጡት ምርጫዎች ውስጥ ከትክክለኛው ብዛት ጋር በጣም የሚቀራረበው ነው የሚፈለገው፤ ጥያቄው ይህን በግልጽ ባይጽፈውም። ስለዚህ ሁለት ምርጫዎች ሁለቱም እውነት መስለው ከታዩአችሁ ትንሹን ወስዳችሁ «በእርግጥ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል?» ብላችሁ ፈትሹ። ከተጠቃለለ መልሱ እሱ ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ መስሎ ስለታያችሁ ብቻ ትልቁን አትምረጡ።

ቀጥሎ የማሳየው ኮድ ተማሪዎች ኮድ 2ን ከተረዱ በኋላ የሚወድቁበት ነው። «የውስጡ በውጭው ላይ ከተመሠረተ ሎጉ ይጠፋል» የሚል አዲስ ሕግ በአእምሯቸው ይቀረጽና እዚህም ሊጠቀሙበት ይሞክራሉ።

ኮድ 3፦

```cpp
for (int i = 1; i <= n; i++)
    for (int j = i; j > 0; j /= 2)
        count++;
```

አሁን የሚጋመሰው የውስጡ ነው፤ የውጭው በአንድ በአንድ ይጨምራል። የውስጡ ሉፕ በውጭው `i` ላይ ተመሥርቷል፤ ስለዚህ እንደ ኮድ 2 እንደምራለን። `n` 16 ሲሆን `i` 1 ላይ 1 ዙር አለ። 2 እና 3 ላይ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 4። ከ4 እስከ 7 ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 12። ከ8 እስከ 15 አራት አራት፣ በድምሩ 32። በመጨረሻም 16 ላይ 5። ሁሉም ተደምሮ 54 ይሆናል።

የድምሩን ጠባይ ከኮድ 2 ጋር አነጻጽሩት። በኮድ 2 ትልቅ ሥራ የሚሠራው ዙር አንድ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ቶሎ ይሟሽሹ ነበር። እዚህ ግን ትልልቆቹ ዙሮች ብዙ ናቸው። ከ`i` ዋጋዎች ውስጥ የላይኛው ግማሽ፣ ማለትም ከ n/2 እስከ n ያለው፣ እያንዳንዱ ቢያንስ ሎግ n ያህል ዙር አለው። ከ8 እስከ 16 ያሉት ብቻ 37 ወስደዋል። ግማሽ n በሎግ n ተባዝቶ ቢያንስ እዚያ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ግማሿ ቋሚ ስለሆነች ትጣላለች። ከላይ ደግሞ ድምሩ ከ n በሎግ n እና አንድ ብዜት አይበልጥም። ከላይም ከታችም ስለታሰረ መልሱ O(n log n) ነው።

እንግዲህ ኮድ 2 እና ኮድ 3 ሁለቱም የሚጋመስ ሉፕ አላቸው፤ በሁለቱም የውስጡ በውጭው ላይ ይመሠረታል፤ መልሳቸው ግን ይለያያል። ለዚህ ነው ተማሪዎችን ሌላ አጭር ሕግ እንዲሸመድዱ የማላበረታታው። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የውስጡን ሥራ በየዙሩ በአንድ መስመር ጻፉና ትልልቆቹ ቁጥሮች ስንት እንደሆኑ እዩ። እየተጋመሱ የሚወርዱ ከሆነ ድምሩ የትልቁን ቁጥር እጥፍ አያልፍም። አብዛኞቹ ለትልቁ የሚቀራረቡ ከሆነ ማባዛቱ ትክክል ነው።

መልሳችሁን ለመፈተሽ የሚጠቅም አንድ መንገድ አለ። ድምሩን ለ n አካፍሉትና n ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ኮድ 1 በ8፣ በ16 እና በ32 ላይ 32፣ 80 እና 192 ይሰጣል፤ ለ n ሲካፈል 4፣ 5፣ 6 ይሆናል። n በታጠፈ ቁጥር በአንድ ይጨምራል፤ ይህ የሎግ ምልክት ነው። ኮድ 2 ደግሞ 15፣ 31 እና 63 ይሰጣል፤ ለ n ሲካፈል ምንጊዜም ከ2 በታች ነው፤ ስለዚህ O(n) ነው። ኮድ 3 በነዚያው ቁጥሮች 21፣ 54 እና 135 ይሰጣል፤ ሲካፈል 2.6፣ 3.4 እና 4.2 ገደማ ይሆናል። ጭማሪው ከአንድ ያነሰ ቢሆንም በየእጥፉ ሳያቋርጥ ይቀጥላል፤ ስለዚህ እዚህም ሎግ አለ። ውጤቱ በየእጥፉ ራሱ የሚታጠፍ ቢሆን ኖሮ O(n²) ነው እንል ነበር።

የፈተና ጥያቄዎች ውስጥ ሁለት ነገሮች ዓይን ሳይገቡ ያልፋሉ። አንደኛው የሉፑ መነሻና ማቆሚያ ነው። `for (int i = 0; i < n; i *= 2)` ተብሎ ከተጻፈ 0 በ2 ሲባዛ 0 ስለሆነ `n` ከዜሮ እስከበለጠ ድረስ ሉፑ አያቆምም። `for (int i = n; i >= 0; i /= 2)` ቢሆንም እንደዚያው ነው፤ `i` 0 ከደረሰ በኋላ 0 እየሆነ ይቀጥላል። በምርጫዎቹ ውስጥ «ማለቂያ የለውም» የሚል ካያችሁ ሌላ ምንም ስሌት ሳትጀምሩ ይህን ፈትሹ።

ሁለተኛው ደግሞ የውስጡ ቆጣሪ የት እንደታወጀ ነው።

```cpp
int j = n;
for (int i = 0; i < n; i++)
    while (j > 0) {
        j /= 2;
        count++;
    }
```

ይህን በጥድፊያ ያነበበ ሰው n ጊዜ የሚዞር ሉፕ ውስጥ የሚጋመስ ሉፕ አይቶ O(n log n) ይላል። `j` ግን ከውጭው ሉፕ በላይ ነው የታወጀው፤ በየዙሩ ወደ n አይመለስም። በመጀመሪያው የውጭ ዙር ተጋምሶ ተጋምሶ 0 ይደርስና ከዚያ በኋላ የውስጡ ሉፕ ጨርሶ አይሠራም። `n` 16 ከሆነ `count` በመጨረሻ 5 ብቻ ነው። የቀሩት 15 የውጭ ዙሮች ሁኔታውን ጠይቀው ያልፋሉ። እነዚያም ዙሮች ግን ጊዜ ይወስዳሉና ጠቅላላው O(n) ነው። እዚህ ላይ የጥያቄውን ቃል በጥንቃቄ አንብቡ፦ «`count` ምን ያህል ያድጋል?» ከተባለ መልሱ O(log n) ነው፤ «ኮዱ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» ከተባለ O(n) ነው።

አሁን ሁሉንም በአንድ ላይ የሚፈትን ጥያቄ እንሥራ። ምርጫዎቹ O(log² n)፣ O(n)፣ O(n log n) እና O(n²) ናቸው እንበል።

```cpp
for (int i = 1; i < n; i *= 2)
    for (int j = 0; j < i; j++)
        count++;

for (int k = n; k > 1; k /= 2)
    for (int m = 1; m <= n; m *= 2)
        count++;
```

ሁለቱ ክፍሎች አንዱ ከሌላው በኋላ የመጡ እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ አይደሉም፤ ስለዚህ ለየብቻ ሠርተን እንደምራለን። በመጀመሪያው ክፍል የውስጡ ሉፕ በየዙሩ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ይሄዳል። ኮድ 2 ላይ ያየነው ድምር ነው፤ አሁን ከትንሹ ስለጀመረ ብቻ ትልቁ ቁጥር መጨረሻ ላይ ይመጣል። `n` 1,024 ሲሆን የመጨረሻው ዙር 512 ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 1,023 ይሆናል። O(n) ነው።

በሁለተኛው ክፍል የውስጡ ሉፕ `k` ላይ አይመሠረትም፤ የሚጠይቀው `n`ን ብቻ ነው። ስለዚህ ማባዛት እንችላለን። የውጭው `k` 1 ላይ ሲደርስ ስለሚቆም 10 ዙር፣ የውስጡ ደግሞ 1,024ን ራሱን ስለሚጨምር 11 ዙር አለው፤ በድምሩ 110። ይህ O(log² n) ነው። ሁለቱን ስንደምር 1,133 ይመጣል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የመጀመሪያው ክፍል ነው። መልሱ O(n) ነው።

ይህን ጥያቄ ስሰጥ አንዳንዶች `n`ን 16 አድርገው ሞክረው ተቃራኒውን ያገኛሉ። በ16 ላይ የመጀመሪያው ክፍል 15፣ ሁለተኛው 20 ነው፤ ሁለተኛው የሚበልጥ ይመስላል። ትንሽ ቁጥር የአንድን ሉፕ ዙር ለመቁጠር ጥሩ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ብዛቶችን ለማወዳደር ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሎግ n በራሱ ተባዝቶ በትንሽ ቁጥር ላይ ከ n ጋር ይቀራረባል፤ እንዲያውም በ16 ላይ እኩል ይሆናል። ወደ 1,024 ከፍ ስንል ግን ሎግ n በራሱ ተባዝቶ 100 ብቻ ነው፤ በአንድ ሚሊዮን ላይ 400 ገደማ ይሆናል፤ n ግን ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ለመቁጠር 16ን፣ ለማወዳደር ደግሞ 1,024ን ወይም ከዚያ በላይ ያለ የሁለት ርቢ ተጠቀሙ፤ የሁለት ርቢ ሲሆን ካልኩሌተር ሳያስፈልጋችሁ ሎጉን በጣታችሁ መቁጠር ትችላላችሁ።